የሂስቶግራም ረጅም የቀኝ ጭራ ምን ይነግረናል? ጥያቄና መልስ

ሂስቶግራም በየክልሉ ስንት ቁጥር እንዳለ በዓምድ ቁመት የሚያሳይ ሥዕል ነው። ከየአቅጣጫው ጥያቄ ስለሚመጣ ሁላችንም በአንድ ምሳሌ ላይ ብንነጋገር ይሻላል። አሥር ሰዎች አገልግሎት ለማግኘት የጠበቁት ጊዜ በደቂቃ እንዲህ ነው እንበል፦ 2፣ 3፣ 3፣ 4፣ 5፣ 6፣ 8፣ 11፣ 18፣ 60። ለማስረጃ ሳይሆን ለማሳያ የተዘጋጁ ቁጥሮች ናቸው።

ጠያቂ፦ ዓምዶቹ በሙሉ ግራ በኩል ተከምረዋል። ታዲያ ለምን «ወደ ቀኝ ያዘነበለ» ይባላል? ወደ ግራ አይደለም እንዴ?

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይምታታበታል። አቅጣጫው የሚሰየመው በክምሩ ሳይሆን በጭራው ነው። እዚህ ክምሩ ከ2 እስከ 11 ነው፣ ጭራው ደግሞ 18ን አልፎ እስከ 60 ይሄዳል። ስለዚህ ወደ ቀኝ ያዘነበለ ነው። የተከመሩት ትንንሽ ቁጥሮች ናቸው፤ ከእነሱ በብዙ እጥፍ የሚበልጡ ጥቂቶች ደግሞ አሉ።

ጠያቂ፦ ጭራው ከየት መጣ? መረጃው ተበላሽቶ ነው?

ብዙውን ጊዜ አይደለም። መጀመሪያ የሚለካውን ነገር ተመልከቱ። የመጠበቂያ ጊዜ ከዜሮ በታች ሊወርድ አይችልም፣ ወደ ላይ ግን የሚያግደው የለም። 5 ደቂቃ አካባቢ የተከመረ መረጃ በግራ በኩል ያለው ቦታ 5 ደቂቃ ብቻ ነው፣ በቀኝ በኩል ያለው ግን ክፍት ነው።

ሁለተኛው ምክንያት መዘግየት መዘግየትን መውለዱ ነው። አንዱ ጉዳይ ሲከብድ ሠራተኛው እዚያ ላይ ይቆያል፣ ሰልፉ ይረዝማል፣ ከኋላ ያሉትም ሁሉ ያንን መዘግየት ይወርሳሉ። ምክንያቶቹ እርስ በርስ እየተባዙ የሚሠሩ ከሆነ የቀኝ ጭራ መፈጠሩ የሚጠበቅ ነው። እየተደመሩ ቢሆን ኖሮ ቅርጹ ወደ ደወል ይጠጋ ነበር።

ሦስተኛው፣ ሁለት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ሂስቶግራም ውስጥ መቀላቀላቸው ነው። ተራ ጉዳይ ያላቸው በ5 ደቂቃ ይስተናገዳሉ፣ ፋይላቸው የጠፋባቸው ደግሞ አንድ ሰዓት ይጠብቃሉ። ያን ጊዜ ጭራ የሚመስለው ነገር ለብቻው የቆመ ሌላ ክምር ነው። መለያ መንገዱ በጉዳይ ዓይነት ከፍሎ ለየብቻ መሳል ነው። ከተከፈለ በኋላ ጭራው ከጠፋ ድብልቅ ነበር፤ በየክፍሉ ውስጥም ከቀጠለ ግን የሂደቱ የራሱ ባሕርይ ነው።

ሪፖርት አዘጋጅ፦ አማካዩ 12 ደቂቃ ነው ብዬ ብጽፍ ምን ችግር አለው? ስሌቱ ትክክል ነው።

ስሌቱ ትክክል ነው፣ ድምሩ 120፣ ሲካፈል 12። ግን ከአሥሩ ስምንቱ ከ12 በታች ነው የጠበቁት። ቁጥሮቹ በቅደም ተከተል ሲደረደሩ መሃል ላይ የሚውለው፣ ማለትም ሚዲያኑ፣ 5.5 ነው። 60ን ለጊዜው ብናነሣው አማካዩ ወደ 6.7 ይወርዳል፣ ሚዲያኑ ግን 5 ይሆናል። አንድ ሰው ብቻ አማካዩን በእጥፍ ገደማ ሲያነሣው ሚዲያኑን እምብዛም አልነካውም። «አብዛኛው ሰው ምን ያህል ይጠብቃል?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ ሚዲያኑ ነው፣ ከጎኑም 90ኛውን ፐርሰንታይል፣ ማለትም ከመቶው ዘጠናው ያላለፉትን ጊዜ፣ ይጻፉ።

ይህ ማለት ግን አማካዩ ይጣል ማለት አይደለም። ሰው ሁሉ በድምሩ ስንት ደቂቃ እንደጠበቀ ወይም ስንት የሥራ ሰዓት እንደሚያስፈልግ ሲሰላ የሚያገለግለው አማካዩ ብቻ ነው። 10 ሰው በ12 ሲባዛ 120 ይሰጣል፤ በሚዲያን ቢባዛ 55 ይሆንና ከግማሽ በላይ የሆነው ጊዜ ከስሌቱ ይጠፋል።

ከአማካዩ ጋር «± ስታንዳርድ ዴቪዬሽን» ከመጻፍ ግን ይቆጠቡ። ይህ ቁጥሮቹ ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚርቁ የሚለካ ሲሆን እዚህ 17.5 ነው። 12 ሲቀነስ 17.5 ከዜሮ በታች ይሆናል፣ ከዜሮ በታች የጠበቀ ሰው ደግሞ የለም። በነገራችን ላይ ሂስቶግራሙ ያልታተመበት ሪፖርት ስታነቡም ይህ ጥሩ ምልክት ነው፦ ዜሮ ወይም ከዚያ በላይ ብቻ በሚሆን ልኬት ላይ ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ ከአማካዩ ከበለጠ መረጃው ወደ ቀኝ ማዘንበሉን ጠርጥሩ።

ጠያቂ፦ ሶፍትዌሩ 60ን ከሌሎቹ የራቀ «አውትላየር» ብሎ በነጥብ ለይቶ አሳየኝ። ላውጣው?

ነጥቡ የሚያዘው ሄዳችሁ እንድታዩት ነው። ቦክስ ፕሎት የሚባለው ሥዕል የሚጠቀምበት ደንብ የታወቀ ነው፦ የሦስተኛውና የመጀመሪያው ሩብ ልዩነት በ1.5 ተባዝቶ በሦስተኛው ሩብ ላይ ይደመራል። በእኛ ምሳሌ ሩቦቹ 3 እና 11 ናቸው፣ ልዩነቱ 8፣ ድንበሩም 23። ሶፍትዌሮች ሩብን በተለያየ መንገድ ስለሚያሰሉ የእናንተ ቁጥር ትንሽ ሊለያይ ይችላል።

ችግሩ ይህ ደንብ ከደወል ቅርጽ ጋር የሚስማማ መሆኑ ነው። በደወል ቅርጽ ከ1000 ቁጥር ውስጥ ነጥብ የሚሆኑት ከሁለቱም ጎን በድምሩ 7 ገደማ ናቸው። ምንም ስህተት በሌለበት፣ ከዜሮ ጀምሮ ወደ ቀኝ እየቀነሰ በሚሄደው የኤክስፖነንሻል ስርጭት ግን በቀኝ በኩል ብቻ 48 ገደማ ይሆናሉ። እነዚህን ያወጣ ሰው ያስወገደው እውነተኛ መረጃ ነው፣ ሪፖርቱም አገልግሎቱ በጣም የዘገየባቸውን ሰዎች ሳይጨምር ይወጣል።

መጣራት ያለበት መዝገቡ ነው። 60 ተብሎ የተጻፈው 6.0 ነበር? ሌላው በደቂቃ ሲመዘገብ ይህ በሰከንድ ተመዝግቦ ይሆን? የመውጫ ሰዓቱ ሳይመዘገብ ቀርቶ በኋላ ተሞልቶ ይሆን? ከእነዚህ አንዱ ከተረጋገጠ ይታረማል። ካልተረጋገጠ ቁጥሩ ይቆያል።

አንድ አባል፦ ለምን ታወሳስቡታላችሁ? ሎጋሪዝም ውሰዱ፣ ቅርጹ ይስተካከላል፣ አለቀ።

ግማሹ ትክክል ነው። በሎግ ሚዛን ከ3 ወደ 6 ያለው ርቀት ከ30 ወደ 60 ካለው ጋር እኩል ይሆናል። ስለዚህ በማባዛት የሚሠራ ሂደት ቅርጹ በደንብ ይታያል። ልዩነቱን በዓይን ለማየት የእኛኑ ቁጥሮች በ12 ደቂቃ ስፋት ብንከፍላቸው የመጀመሪያው ዓምድ ብቻውን 8 ይይዛል፣ ውስጡ ምን እንዳለ አይታወቅም። ስፋቱን በእጥፍ እያሳደግን፣ ከ2 እስከ 4፣ ከ4 እስከ 8 እያልን እስከ 64 ብንሄድ ግን ዓምዶቹ 3፣ 3፣ 2፣ 1፣ 1 ይሆናሉ። ክምሩም ጭራውም ይታያል።

```python
import numpy as np
x = np.array([2, 3, 3, 4, 5, 6, 8, 11, 18, 60])
print(np.histogram(x, bins=[2, 4, 8, 16, 32, 64])[0])
print(np.exp(np.log(x).mean()))
```

አንድ ጥንቃቄ አለ። እነዚህን ስፋታቸው የተለያየ ዓምዶች በተራው ሚዛን ላይ ከሳላችሁ ቁመቱ ቁጥሩ ለስፋቱ ተካፍሎ መሆን አለበት። አለበለዚያ ሰፋፊዎቹ የጭራ ዓምዶች ያለ አግባብ ገዝፈው ይታያሉ።

«አለቀ» የሚለው ላይ ግን አልስማማም። የመጨረሻው መስመር 6.8 ገደማ ያወጣል። ይህ የሎጉ አማካይ ወደ ደቂቃ ሲመለስ ነው፣ ከ12 ጋር አንድ አይደለም። 6.8 ላይ ቆማችሁ ጠቅላላ ጊዜ ካሰላችሁ 120ው 68 ይሆንባችኋል። ከሎግ በኋላ ሁለት ጉብታ ከታየ ደግሞ ሥራው ገና ነው፣ ወደ ድብልቁ ጉዳይ መመለስ አለብን።

ያው አባል፦ ዜሮ ያለበትስ? እኔ 1 ደምሬ ሎግ እወስዳለሁ።

`log(x + 1)` ብዙ ሰው የሚጠቀምበት ነው፣ ግን ውጤቱ በመለኪያው ይወሰናል። በደቂቃ ከለካችሁ ከዜሮ እስከ 1 ደቂቃ ያለው ርቀት ከዜሮ እስከ 60 ደቂቃ ካለው አንድ ስድስተኛ ያህል ነው። ያንኑ መረጃ በሰከንድ ብትጽፉት ግማሽ ይሆናል። ዜሮዎቹ ጥቂት ከሆኑ ጉዳቱ ያን ያህል አይደለም። ብዙ ከሆኑ እኔ የምመርጠው ዜሮዎቹን ለብቻ ቆጥሮ የቀሩትን ብቻ በሎግ ማየት ነው። በዚህ ላይ ባለሙያዎችም አንድ አይደሉም።

የሲስተም ሠራተኛ፦ የእኔ ሂስቶግራም ጭራው እየቀጠነ ሄዶ 30 ሰከንድ ላይ ድንገት አንድ ረጅም ዓምድ ይቆማል። እሱም ጭራ ነው?

እሱ ጭራው የተቆረጠበት ቦታ ነው። ሲስተሙ 30 ሰከንድ ጠብቆ ግንኙነቱን የሚያቋርጥ ይመስላል፤ ቅንብሩን ተመልከቱ። እዚያ ያሉት ጥያቄዎች 30 ሰከንድ አልፈጁም፣ ቢያንስ 30 ነው የፈጁት። ስለዚህ የምታሰሉት አማካይ ከእውነቱ ያንሳል፣ በምን ያህል እንደሚያንስም ከመረጃው አይታወቅም።

ፐርሰንታይሎቹን ግን በከፊል ማዳን ይቻላል። እዚያ የተከመረው 6 በመቶ ከሆነ ሚዲያኑና 90ኛው ፐርሰንታይል ጤነኛ ናቸው። 95ኛው ግን «30 ሰከንድ» ብሎ የሚያሳየው የቅንብሩን ቁጥር ነው። በሪፖርት ላይ «ከ30 በላይ» ተብሎ ይጻፍ። የተቋረጡትን ጨርሶ ማውጣት ከሁሉ የከፋው ነው፣ ቀርፋፋዎቹ ወጥተው ሲስተሙ ፈጣን ይመስላልና። የተቆረጠውን ጨምሮ ማስላት ካስፈለገ የካፕላን–ማየር ዘዴ ለዚህ የተሠራ ነው።

ተማሪ፦ ናሙናዬ 30 ስለሆነ ቅርጹ ምንም ቢሆን አማካዮችን የሚያወዳድረው ቲ-ቴስት ይሠራል ተብያለሁ።

30 ለሁሉ የሚሆን ቁጥር አይደለም። የስታቲስቲክስ ሊቁ ዊልያም ኮክራን የሰጠው ግምት ከዚህ ይሻላል፦ የናሙናው መጠን የማዘንበያው ልክ፣ ማለትም ስርጭቱ ምን ያህል እንዳዘነበለ የሚለካው ቁጥር፣ በራሱ ተባዝቶ እንደገና በ25 ሲባዛ ከሚገኘው መብለጥ አለበት። የኤክስፖነንሻል ስርጭት የማዘንበያ ልኩ 2 ስለሆነ 25 ጊዜ 4፣ ማለትም ከ100 በላይ ያስፈልጋል። ከትንሽ ናሙና የተሰላ የማዘንበያ ልክ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከእውነቱ ስለሚያንስ፣ «የእኔ 1 ብቻ ነው» ብላችሁ አትረጋጉ።

ሌላ አባል፦ ሁለቱንም ሚዛን በሎግ ሳልኩት፣ ጭራው ቀጥ ያለ መስመር ሆነ። ጭራው በጣም ቀስ ብሎ የሚቀጥንበት ፓወር ሎው ነው ማለት ነው።

ሊሆን ይችላል፣ መስመሩ ብቻውን ግን አያረጋግጥም። ሎጉ ሲወሰድ የደወል ቅርጽ የሚይዘው ሎግኖርማል ስርጭትም ሰፋ ያለ ሲሆን በረጅም ርቀት ላይ ቀጥ ያለ መስሎ ይታያል፣ ከመስመሩ ዝቅ የሚለው በጣም ርቆ ነው፣ እዚያ ደግሞ የሚቀሩት ቁጥሮች ጥቂት ናቸው። አንድ ሌላ ነገር ይሞክሩ፦ ትልቁ ቁጥር ከድምሩ ስንት እጅ እንደሆነ፣ መረጃው በተጨመረ ቁጥር እየተከታተሉ ይሳሉ። በእኛ ምሳሌ 60 ከ120 ግማሹ ነው፣ አሥር ቁጥር ብቻ ስለሆነ ግን ምንም አያስፈርድም። በሺዎች ደርሶም ድርሻው ወደ ዜሮ ካልወረደ አማካዩ ራሱ የሚረጋጋበት ቦታ ላይኖረው ይችላል።

ያው አባል፦ 400 ቁጥር ነው ያለኝ። ድርሻው ይወርዳል፣ እንደገና ይዘላል።

በ400 ፓወር ሎውንና ሎግኖርማልን መለየት ከባድ ነው። ለአሁኑ ሚዲያኑንና 90ኛውን ፐርሰንታይል ይጠቀሙ፣ የስርጭቱን ስም ግን አይጻፉ።