ፌደር ስገፋ ሞኒተሩ ይጮኻል

«ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ባንድ ይዘን ነበር፣ የዘፋኟን ድምፅ ለታዳሚው ከፍ ባደረግኩ ቁጥር እግሯ ሥር ያለው ሞኒተር ይጮኻል። ምን ላድርግ?»

ወደ ሞኒተሩ ድምፅ የሚልከው ኦክስ ፖስት ፌደር ላይ፣ ማለትም ከፌደሩ በኋላ፣ ሆኖብህ ነው ወንድሜ። ፌደሩን ስትገፋ ሞኒተሩም አብሮ ይነሣል። ፕሪ፣ ማለትም ከፌደሩ በፊት፣ አድርገው።

ግን የማይኩን መግቢያ ድምፅ የሚወስነውን ጌይን ተጠንቀቅ! እሱ ከኦክሱ በፊት ስለሚመጣ፣ ፕሪ ላይም ብትሆን ከነካካኸው ሞኒተሩ ይለወጣል። ስለዚህ በሙሉ ድምፅዋ እየዘፈነች ጌይኑን አስተካክልና እርግፍ አርገህ ተወው። ከዚያ የኦክሱን ማስተር ዜሮ ምልክቱ ላይ አቁምና የሷን ቻናል ኦክስ ቀስ እያልክ ክፈት፤ «ዊ...» ማለት ሲጀምር ትንሽ መልሰው። ማይኩ ካርዲዮይድ ከሆነ ጭራው ወደ ሞኒተሩ ይዙር፣ በዚያ በኩል ብዙም አይሰማም።

የኢኮው ኦክስ ግን ፖስት ይቆይ፤ አለዚያ ፌደሩን ዘግተህም ኢኮው ብቻውን ይቀራል።