የሙከራ ጊዜ ማራዘሚያ ደብዳቤ

«የአንዲት ሠራተኛዬ የሙከራ ጊዜ ሊያልቅ ነው። ላራዝምላት አስቤያለሁ፤ ምክንያቱን ደብዳቤው ላይ እንዴት ልጻፈው?»

መጀመሪያ ውሉንና የምትሠሩበትን አገር ሕግ እይ፤ ማራዘም የማይፈቀድበት ቦታ አለ። ከተፈቀደ ደብዳቤው ጊዜው ሳያልቅ እጇ ይግባ። ካለፈ በኋላ ብትሰጣት ቋሚ ሆናለች ሊባል ይችላል።

ከዚያ ስትቀጠር የተሰጣትን ግብ አውጣና አጠገብህ አስቀምጥ። «አፈጻጸሟ አጥጋቢ አይደለም» ምንም አይነግራትም። ግቡ ለምሳሌ ከደንበኛ ቅሬታዎች 90 በመቶውን በ24 ሰዓት ውስጥ መመለስ ከነበረ እንዲህ ጻፍ፦ «ባለፈው ወር ከደረሱዎት 40 ቅሬታዎች 26ቱን በጊዜው መልሰዋል፤ የሚጠበቀው 36 ነበር። የመዝገብ አያያዝ ግብዎን ግን አሟልተዋል።» ያሟላችውን አትዝለል፤ የቀራት አንድ ነገር ብቻ መሆኑ የሚታያት በዚያ ነው።

ግቡ ውስጥ ያልነበረ ነገር አታስገባ፤ «ዝምተኛ ናት» ምክንያት አይሆንም። ሥልጠናዋ ዘግይቶባት ከሆነም ጻፈው፤ ጥፋቱ የእሷ አይደለማ!

የሚራዘመው እስከ መቼ እንደሆነ ቀኑን ቁረጥ። እስከዚያ ምን ስታሟላ ቋሚ እንደምትሆን፣ ማን እንደሚያግዛትም አስቀምጥ። ሐሳብህን ቀይረህ ቋሚ ካደረግካትም ያሟላችውን ግብ ጠቅሰህ ሁለት መስመር ይበቃል።