ስልኩ ሳይስተካከል ድግግሞሹን አትንኪ

«ሰላም ቤተሰብ። ደብረ ሲና ነኝ። የማኅበራችንን አባላት ዝርዝር ሦስት ሰው እየተቀባበለ ነው የጻፈው፤ 640 ረድፍ ደርሷል። አንዱ ሰው ሁለት ሦስቴ ይመጣል፣ ስፔሱ የተዘበራረቀ ነው፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈው ስም አንዱ ሁሉም ካፒታል፣ ሌላው ሁሉም ስሞል ነው። Remove duplicates ስለው ግን 4 ረድፍ ብቻ አጠፋ። ወደ ጎግል ኮንታክት ከማስገባቴ በፊት እንዴት ላጽዳው?»

እህቴ፣ እንኳን 4 ብቻ አጠፋ። ብዙ ቢያጠፋልሽ ነበር መደንገጥ ያለብሽ።

እኔ ደብረ ብርሃን ትንሽ የጽሕፈትና የኮፒ ቤት አለኝ። የማኅበር፣ የዕድር፣ የተመራቂ ዝርዝር ሲመጣልኝ ነው የሚውለው። የዛሬ ሁለት ዓመት የአንድ ማኅበር 412 ስም ተሰጥቶኝ ስልኩን ሁሉ በ+251 አስተካክዬ CSV አድርጌ አስቀመጥኩት። ማታ «እስቲ አንዴ ልየው» ብዬ በኤክሴል ደብል ክሊክ አድርጌ ከፈትኩት። የስልኩ ዓምድ 2.51912E+11 የሚል ነገር ብቻ ያሳያል። ዓምዱ ጠቦ ነው ብዬ ሴቭ አድርጌ ዘጋሁት። በማግስቱ በስልክ ዓምድ ድግግሞሽ አጥፋ ስለው 412ቱ ሰው 61 ሆኖ ቁጭ አለ።

የሆነው እንዲህ ነው። ኤክሴል +251912345678ን ሲያይ ስልክ መሆኑን አያውቅም፤ ትልቅ ቁጥር ነው ብሎ ያሳጥረዋል። CSV ላይ ሴቭ ሲደረግ ደግሞ የሚጻፈው በዓይን የሚታየው ነው። ስለዚህ የመጨረሻዎቹ አኃዞች ተቆርጠው 251912000000 ሆኑ። በ0912 አካባቢ ያለ ሰው ሁሉ የአንድ ስልክ ባለቤት ሆነ፣ ፕሮግራሙም «ድግግሞሽ ነው» ብሎ ጠረገው። የጠፋውን ከመዝገቡ ወረቀት እንደገና ጻፍኩት፤ ሁለት ቀን ፈጀብኝ፤ ሒሳቡንም መጠየቅ አፈርኩ።

ስለዚህ መጀመሪያ የፋይሉን ኮፒ አስቀምጪ። ከዚያ በጎግል ሺትስ ክፈቺው። መጀመሪያው ዓምድ ላይ ከ1 እስከ 640 ተራ ቁጥር ስጪ፣ በእጅ የተጻፈ እንጂ ፎርሙላ አይሁን። በኋላ ረድፎቹ ሲገለባበጡ የትኛው ከየት እንደመጣ የምታውቂው በሱ ነው።

አሁን እኔ ጋ ከመጣ ዝርዝር አንድ ቦታ ላሳይሽ። ስምና ቁጥሩን ቀይሬዋለሁ፣ ጣጣው ግን ራሱ ነው።

```
1   ፀሐይ  በቀለ         0912345678
87  ወ/ሮ ጸሃይ፡በቀለ     +251 912 34 56 78
203 TSEHAY BEKELE     912345678
204 ደረጀ ተፈራ          0912345678
```

ለኛ ዓይን የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ አንድ ሴት ናቸው። ለኮምፒውተሩ አራት የተለያየ ሰው ነው። ያንቺም 4 ብቻ የጠፋው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። በነገራችን ላይ የካፒታልና ስሞሉ ነገር እዚህ ውስጥ ምንም ጥፋት የለበትም፤ Remove duplicates ትልቅና ትንሽ ፊደል አይለይም። ጥፋቱ የስፔሱና የስልኩ ነው።

ከስፔሱ እንጀምር። «ፀሐይ በቀለ» ሰባት ሆሄ ነው፣ ሦስት፣ አንድ ስፔስ፣ ሦስት። ስሙ B፣ ስልኩ C ዓምድ ላይ ነው እንበል። =LEN(B2) ስትዪው 8 ወይም 9 ካለሽ የማይታይ ነገር አለ። TRIM የፊቱንና የኋላውን ስፔስ ያነሳል፣ መሐል ላይ ሁለት የሆነውንም አንድ ያደርጋል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይቆማል። ከዎርድ ወይም ከድረ ገጽ የተገለበጠ ስም ግን ሌላ ዓይነት ስፔስ ይዞ ይመጣል፤ ዓይን አይለየውም፣ TRIM ደግሞ አይነካውም። ከTRIM በኋላም LEN አልቀንስ ካለ =UNICODE(RIGHT(B2,1)) ብለሽ የመጨረሻውን ምልክት ጠይቂው። 32 ካለ ተራ ስፔስ ነው፣ 160 ካለ ሌባው ተገኘ። አንድ ሴል ውስጥ ኢንተር ተመትቶ ስሙ ሁለት መስመር ላይ የተቀመጠም ይኖራል። እሱን CLEAN ያጠፋዋል ይባላል፤ ያጠፋዋል፣ ነገር ግን በቦታው ስፔስ ስለማይተካ «ፀሐይበቀለ» ይሆናል። እኛ ጋ ደግሞ የድሮ ጸሐፊዎች በስምና በአባት ስም መካከል ሁለት ነጥብ ያደርጋሉ። ሁሉንም በአንድ ፎርሙላ እንዲህ አድርጊው፦

```
=TRIM(SUBSTITUTE(SUBSTITUTE(SUBSTITUTE(B2,CHAR(160)," "),CHAR(10)," "),"፡"," "))
```

ይህን አዲስ ዓምድ ላይ ጻፊው፣ እስከ ታች ጎትቺው። የድሮውን ዓምድ አትሰርዢ። (ለስፔሱ መብዛት ጸሐፊዎቹን አትውቀሺ፤ በጥቅምት ጠዋት ደብረ ብርሃን ላይ የጻፈ ሰው ጣት ስፔስ ላይ እንዴት እንደሚደርቅ ያውቃል።)

ቀጥሎ ስልኩ። ዋናው ሥራ ይሄ ነው፣ ጊዜሽን እዚህ ላይ አጥፊ። የእኛ አገር ቁጥር 0 ወይም +251 ከተነሳለት በኋላ የሚቀረው 9 አኃዝ ነው፤ የኢትዮ ቴሌኮሙ 09ም፣ የሳፋሪኮሙ 07ም፣ የቤት ስልኩም። ስለዚህ ሰውን ከሰው ለማመሳከር የመጨረሻዎቹን 9 አኃዞች መያዝ ይበቃል። ከዚያ በፊት ግን ስንት አኃዝ እንዳለ አስቆጥሪ፦

```
=LEN(REGEXREPLACE(C2&"","[^0-9]",""))
```

መልሱ 10 ከሆነ ደህና፣ 12 ከሆነ በ251 የተጻፈ ነው፣ 9 ከሆነ ሺቱ ፊት ያለውን ዜሮ በልቶታል፤ ሦስቱም ችግር የለባቸውም። 14 ካለሽ ምናልባት 00251 ነው። 8 ወይም 11 ያለው አንድ አኃዝ ጎድሎበታል ወይ ተርፎበታል፤ እሱን ፎርሙላ አያድነውም፣ ባለቤቱን ማግኘት ነው። 20 አካባቢ ካየሽ አንድ ሴል ውስጥ ሁለት ስልክ ተጽፏል ማለት ነው። ሳትለያዪ ካለፍሽ የመጀመሪያው ቁጥር ይጠፋል። የተጣሩትን እንዲህ ቁረጫቸው፦

```
=RIGHT(REGEXREPLACE(C2&"","[^0-9]",""),9)
```

የቆየ ኤክሴል REGEXREPLACEን አያውቅም፣ ሺትስ ክፈቺ ያልኩሽ አንዱ ለዚህ ነው። አሁን አራቱም ረድፎች 912345678 አላቸው።

ካፒታሉ ቀላል ነው። PROPER ብትዪው TSEHAY BEKELE ወደ Tsehay Bekele ይለወጣል፣ G/MARIAMንም G/Mariam ያደርገዋል። ከማንኛውም ፊደል ያልሆነ ምልክት በኋላ ያለውን ስለሚያተልቅ ግን W/ROን W/Ro ያደርግብሻል፣ PLCንም Plc። ማዕረጉን ለብቻው ዓምድ ላይ አውጪው፣ ምህጻረ ቃሉን በእጅ መልሺው። ኢሜይል ካለ LOWER ይበቃዋል።

የአማርኛው ስም ትልቅና ትንሽ ፊደል የለውም፤ የኛ ጣጣ ፀሐይና ጸሃይ፣ ኃይሉና ሃይሉ፣ ሥዩምና ስዩም ነው። ሁሉን ወደ አንድ ፊደል ለውጦ የሚጨርስ ሰው አይቻለሁ። እኔ አላደርገውም። ሰው ስሙን መታወቂያው ላይ በጻፈበት ፊደል ነው መቅረት ያለበት፤ ማመሳከሩን ስልኩ ይሥራልን።

አሁን ድግግሞሹ። 9 አኃዝ ሆኖ የተቆረጠው ስልክ ያለበት ዓምድ F ከሆነ አጠገቡ =COUNTIF(F:F,F2) ጻፊ። ከዚያ የሠራሻቸውን ዓምዶች ኮፒ አድርገሽ እዚያው ላይ Ctrl+Shift+V በዪ፣ ፎርሙላው ወጥቶ ዋጋው ብቻ ይቅር። ሺቱን በስልክ ደርድሪና ቁጥሩ ከ1 በላይ የሆነውን ብቻ አጣሪ። ከ640ው መቶ ምናምን ረድፍ ቢወጣ ነው። እሱን በዓይን ነው የምታዪው፣ አጥፊ የሚለውን ቁልፍ እዚህ አልጠቀምም።

ለምን ብለሽ ከጠየቅሽኝ፣ 204ኛውን ረድፍ እይው። ደረጀ የወ/ሮ ፀሐይ ልጅ ነው፣ ስልኩ የቤቱ ነው። መንዝ በኩል ኔትወርክ ያለው አንድ ስልክ ለባል፣ ለሚስት፣ አንዳንዴም ለጎረቤት ያገለግላል። በስልክ ብቻ አጥፋ ብትዪው ደረጀ ከማኅበሩ ተሰረዘ ማለት ነው፤ እሱም የሚያውቀው መዋጮ ሲከፈል ነው። በስምና በስልክ ብትዪው ደግሞ በፊደሉ ምክንያት ፀሐይ ሦስት ሆና ትቀራለች። የሁለቱን ልዩነት የሚያውቀው የሰው ዓይን ነው። ሦስቱ አንድ ሴት መሆናቸውን እኔ ለማየት ሁለት ሰከንድ ይበቃኛል።

ሌላው ነገር፣ ቁልፉ የሚያስቀረው ላይ ያለውን ረድፍ ነው፣ የተሟላውን አይደለም። የወ/ሮ ፀሐይ ቀበሌ ያለው 87ኛው ላይ ብቻ ነበር። ቁልፉን ተጭኜ ቢሆን ኖሮ 1ኛው ቀርቶ ቀበሌው ይሄዳል። ስለዚህ ቀበሌውን ወደሚቀረው ረድፍ አዛውሪ፣ ከዚያ ሌሎቹን ሰርዢ። ከተጠራጠርሽ አትሰርዢ፣ ቢጫ ቀቢውና የማኅበሩን ገንዘብ ያዥ ጠይቂ። እኔ ካየሁት እሱ ሁሉንም ያውቃል።

ወደ ማስገባቱ ስትደርሺ ስልኩን ="+251"&F2 አድርጊው። የዓምድ ስሞቹን ከራስሽ ግምት አትጻፊ፤ ጎግል ኮንታክት ላይ አንድ ሰው ኤክስፖርት አድርገሽ የወጣውን የመጀመሪያ ረድፍ እንዳለ ቅጂው። ስልኩ Phone 1 - Value በሚለው ሥር ይገባል። ፋይሉን ከሺትስ CSV አድርገሽ ካወረድሽ በኋላ በኤክሴል አትክፈቺው፣ እንደኔ ትሆኛለሽ። ማየት ካማረሽ በኖትፓድ እይው።

አምስት ረድፍ ብቻ ያለው ፋይል ለብቻው ሠርተሽ መጀመሪያ እሱን አስገቢ። ጎግል Imported on ብሎ ቀኑን የያዘ መለያ ይሰጣቸዋል፤ የተበላሸ ካለ በዚያ መለያ ሥር አንድ ላይ መርጠሽ ታጠፊያቸዋለሽ። አንዱ ላይ ደውዪ። ከተነሳልሽ የቀረውን ስደጂ።