ለመንገድ የቱን ልስማ፣ ለማታ የቱን ላንብብ?

«ከአያት ሜክሲኮ ደርሶ መልስ በቀን 3 ሰዓት ታክሲ ውስጥ ነኝ። የትኛውን መጽሐፍ በድምፅ ልስማ፣ የትኛውን ማታ ላንብብ?»

ለመንገድ ታሪኩ ወደፊት የሚሮጥ፣ ንግግር የበዛበት ልቦለድ ያዝ። ረዳቱ «ወራጅ አለ?» ሲል አንድ ዓረፍተ ነገር ቢያመልጥህም ታሪኩ አይጠፋብህም። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ የተረከው «ፍቅር እስከ መቃብር» ለዚህ ይመቻል፣ ድምፁ ብቻውን ገጸ ባሕርያቱን ይለይልሃል።

ግጥም፣ ቅኔ፣ ስምና ዓመተ ምሕረት የታጨቀበት ታሪክ ግን ለማታ ይቆይ። እነዚህ ወደኋላ ገልጠህ ካላየሃቸው አይገቡም፣ ታክሲ ውስጥ ደግሞ ስልክ እየነካኩ መመለስ ያሰለቻል።

ካላወቅክ የመጀመሪያውን 10 ደቂቃ መንገድ ላይ ሞክረው። ከሁለት ጊዜ በላይ ወደኋላ ከመለስክ ያ መጽሐፍ የወረቀት ነው።

በሳምንት 5 ቀን 15 ሰዓት ይሆንልሃል፣ ግን ሁሉንም አትሙላው፤ ማታ ሲመለሱ ጆሮም ይደክማል። እኔ ጠዋት ብቻ ነው የምሰማው።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ፦ ድምፁን ከታክሲው ሙዚቃ በላይ ለማድረግ አትታገል። እኔ እንደዛ ሳደርግ ማታ ቤት ገብቼ ጆሮዬ ይጮህ ነበር፣ ጸጥ ባለ ክፍል መጽሐፍ ይዤ የሚሰማኝ እሱ ብቻ ሆነ። አሁን በአንድ ጆሮ ነው፣ ካልተሰማ አጠፋዋለሁ።