ውሉ ካበቃ በኋላ የደረሰ ግጭት ይካሳል?

«የመኪናዬ ሙሉ ኢንሹራንስ መስከረም 20 አለቀ፣ 24 ላይ ሜክሲኮ አካባቢ ተጋጨሁ። ወኪሉ የ15 ቀን እፎይታ አለህ ብሎኝ ነበር። አሁን ብከፍል ይካሱኛል?»

በቃል የተባለልዎት እፎይታ በፖሊሲው ወይም በአባሪው ላይ በጽሑፍ ካልሰፈረ፣ አይካሱም። አሁን የሚከፍሉት አረቦን የሚገዛልዎት ከሚታደስበት ቀንና ሰዓት ጀምሮ ያለውን ጊዜ ነው፤ የ24ቱን ግጭት ወደ ኋላ ተመልሶ አይሸፍንም።

የእፎይታ ጊዜ በብዛት የሚገኘው በሕይወት መድን ውስጥ ነው። የመኪና ውል ግን የዓመት ውል በመሆኑ የመጨረሻው ቀን ሲያልፍ ራሱ ያበቃል። አረቦኑን በየጊዜው ከፋፍለው ለመክፈል ተስማምተው፣ በውሉ ዘመን መካከል አንዱ ክፍያ አልፎዎት ቢሆን ኖሮ ጉዳዩ ሌላ ነበር፤ ያኔ የሚመረመረው ኩባንያው እንዲከፍሉ በጽሑፍ አስጠንቅቆዎት እንደሆነና ሽፋኑ ከግጭቱ በፊት ታግዶ እንደነበር ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የውሉን ዘመን የሚገልጸውን ገጽ፣ ቀጥሎም ስለ አረቦን አከፋፈል የሚናገረውን አንቀጽ ያንብቡ።

በግጭቱ የተጎዳ ሰው ካለና የሦስተኛ ወገን ሽፋንዎም አብሮ ካለፈ፣ ኢንሹራንስ በሌላቸው መኪኖች ለሚጎዱ ሰዎች የተቋቋመው የኢንሹራንስ ፈንድ ለተጎጂው ከከፈለ በኋላ ገንዘቡን ከእርስዎ ይጠይቃል።

አንድ ነገር ይጠንቀቁ፦ «ቀኑን ወደ ኋላ አድርጌ አድስልሃለሁ» የሚል ሰው ቢመጣ አይቀበሉ። ኩባንያው የደረሰኙን ቀን ከትራፊክ ፖሊስ ሪፖርት ጋር ማመሳከሩ አይቀርም፤ በሥራዬ እንዲህ ያለ ፋይል ካሳ ከመከልከል አልፎ በማታለል ሲያስጠይቅ አይቻለሁ።