ውሃ ግድብን በስንት ይገፋል? የፈለጋችሁትን ጠይቁ

ሰላም ነው ወገን። ባለፈው ስለ ፌሮ ስናወራ ሁሉም ሰው ዞሮ ዞሮ የሚጠይቀኝ ውሃው ግድግዳውን በስንት ነው የሚገፋው ስለነበር ዛሬ እሱን ብቻ እንየው። አንድ ግድግዳ እንያዝ፦ ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ውሃው እስከ አፉ 6 ሜትር፣ ርዝመቱ 10 ሜትር። ሂሳቡን በቶን ነው የምሰራው፣ አንድ ሜትር ኪዩብ ውሃ አንድ ቶን ስለሆነ ጭንቅላት አያዞርም፣ ኪሎ ኒውተን የምትፈልጉ በ9.81 አባዙት።

«ታች ያለውን ፕሬዠር ወስጄ በግድግዳው ስፋት ባባዛው ምን ችግር አለው? ኢንተግራል ከሃይስኩል ጀምሮ ጠላቴ ነው።»

እጥፍ ታወጣለህ፣ ችግሩ እሱ ነው። ስሩ ላይ በካሬ ሜትር 6 ቶን አለ፣ አፉ ላይ ግን ምንም የለም፣ አንተ ሁሉም ቦታ 6 እንደሆነ አድርገህ 360 ቶን አልክ። ግድግዳውን በአግድም በ10 ሴንቲ በ10 ሴንቲ ሸንሽነው። 60 ሽንሽን ይወጣሃል፣ እያንዳንዱ 10 ሜትር በ10 ሴንቲ ስለሆነ ልክ አንድ ካሬ ሜትር ነው። አንድ ሜትር ጥልቀት ላይ ያለችው አንድ ቶን ትችላለች፣ አምስት ሜትር ላይ ያለችው አምስት። ስልሳውንም ደምር፣ 180 ቶን ይመጣል። ይሄው ነው ጠላትህ፣ ሽንሽኑን እያሳነሱ መደመር።

«ኧረ ምን መሸንሸን ያስፈልጋል፣ አማካዩ 3 ቶን ነው፣ በ60 ካሬ 180፣ አለቀ። ግፊቱም መሃሉ ላይ 3 ሜትሩ ጋ ያርፋል ማለት ነው።»

180ው ልክ ነህ፣ መሃል ያልከው ላይ ግን ተሳሳትክ። በአንድ ሜትር ርዝመት እንየው፦ ጠቅላላው 18 ቶን ነው፣ ከዚህ ውስጥ የላይኛው 3 ሜትር የሚሸከመው 4.5 ብቻ ነው፣ የታችኛው 3 ሜትር 13.5። አንድ ለሶስት። እንዲህ ታች የከበደ ጭነት መሃል ላይ እንዴት ያርፋል? ከስሩ 2 ሜትር ላይ ነው የሚያርፈው፣ የቁመቱ ሲሶ።

ግድግዳው ይገለበጣል ወይ ብለህ ስታሰላማ ስህተትህ አይጎዳህም፣ 18 ቶን በ2 ሜትር 36 ቶን ሜትር መሆን ሲገባው በ3 አባዝተህ 54 ብለህ ኮንክሪት ታባክናለህ እንጂ። የሚጎዳው በር ላይ ነው። ላይ በማጠፊያ ተንጠልጥሎ ታች የሚቆለፍ የውሃ በር ብትሰራ መቀርቀሪያው በአንድ ሜትር ስፋት 12 ቶን ይይዛል፣ በአንተ ሂሳብ ግን 9 ነው። ሳታውቀው ሩቡን ቀነስክለት።

«ግድግዳው አራት ማዕዘን ካልሆነስ? እኛ ጋ ሸለቆው ወደታች እየጠበበ ሄዶ ሹል ነው።»

ጥሩ ጥያቄ፣ እዚህ ጋ ነው «አማካይ» የምትለዋ ነገር የምታሳስተው። አፉ ላይ 10 ሜትር ይሁን፣ ታች 6 ሜትር ላይ ዜሮ። ስፋቱ 30 ካሬ ነው፣ ብዙ ሰው 3 ቶን በ30 ብሎ 90 ይላል። ግን እኮ ሰፊው ቦታ ያለው ላይ ነው፣ ግፊቱ ቀላል የሆነበት። መወሰድ ያለበት ግፊት የስፋቱ ማዕከል ያለበት ጥልቀት ላይ ያለው ነው፣ ሶስት ማዕዘን ላይ ደግሞ ማዕከሉ ከላይ 2 ሜትር ላይ ነው፣ ስለዚህ 2 በ30፣ 60 ቶን። በፎርሙላ፣ γ የአንድ ሜትር ኪዩብ ውሃ ክብደት፣ b የአፉ ወርድ፣ H ጥልቀቱ ሆኖ፦

```
F = γ·b·H²/6
```

የሚያርፍበት ቦታም ይቀየራል፣ ለዚህኛው ቅርጽ ጥልቀቱ ግማሽ ላይ፣ 3 ሜትር።

«ታዲያ ህዳሴ 74 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ ውሃ ሲገፋው እንዴት ቻለ? ያ ሁሉ ውሃ ተደምሮ አይደል የሚጫነው?»

አይደለም እህቴ፣ ውሃው ወደኋላ ስንት ኪሎ ሜትር ተኛ የሚለውን ግድግዳው አያውቀውም። የሚያውቀው ጥልቀቱን ነው። 130 ሜትር ውሃ ያለበትን ቦታ ብንወስድ በአንድ ሜትር ርዝመት ግማሽ ሲባዛ 130 ሲባዛ 130፣ 8,450 ቶን ነው። ከግድቡ ኋላ ያለው ውሃ ውፍረቱ አንድ ሜትር ብቻ ቢሆንም ያው 8,450 ነው። ይሄ ግን ለተኛ ውሃ ነው፣ ንፋስ ማዕበል ሲያስነሳ የሃይቁ ርዝመት ሂሳብ ውስጥ ይገባል፣ የመሬት መንቀጥቀጥም ሌላ ወሬ ነው።

«የእኔ ጓሮ ገንዳ መጀመሪያ አንድ ሜትር ነበር፣ አሁን 2 ሜትር ነው፣ የብሎኬት ግድግዳው ስር ጋ በአግድም ተሰነጠቀ። ግንበኛው ሲሚንቶ አንሶ ነው ይላል።»

ግድብ አይደለም ግን ሂሳቡ አንድ ነው። መጀመሪያ አንድ ሜትር ነበር ያልከኝ፣ በኋላ ከፍ አደረግከው አይደል? ቁመቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ፣ ስሩ ላይ የሚያጥፈው ሞመንት ደግሞ ስምንት እጥፍ ይሆናል፤ ከ0.17 ወደ 1.33 ቶን ሜትር። ሲሚንቶ ጨምረህ የሚሸፈን ልዩነት አይደለም። ስንጥቁ በውሃው በኩል ከስር በአግድም ከሆነ መታጠፍ ነው፣ ኮንክሪት ቢሆን ፌሮው መኖር ያለበት እዚያ ፊት ነበር። ማዕዘን ላይ በቁመት ቢሆን ሌላ ምክንያት እፈልግለት ነበር። ውሃውን ወደ አንድ ሜትር አውርደውና የሚያውቅ ሰው ቆሞ ይየው፣ ፕላስተር ብቻ ለጥፈህ እንዳትሞላው።

«በክብደቱ ብቻ የሚቆም ግድብ ቢሆን ያ 6 ሜትሩ ስንት ውፍረት ይበቃዋል?»

እንሞክር። ከላይ እስከ ታች እኩል ውፍረት ቢሆን፣ የኮንክሪት ክብደት በሜትር ኪዩብ 2.4 ቶን ብለን፣ ውሃው ከሚገለብጥበት 36 ቶን ሜትር ጋር እኩል የሚወጣው 2.24 ሜትር ላይ ነው። ይህ ገና ለመገልበጥ አፋፍ ላይ የቆመ ግድግዳ ነው። ውሃው ደግሞ ከጎን ብቻ አይደለም የሚገፋው፣ በፋውንዴሽኑ ስር ሾልኮ ገብቶ ወደላይ ያነሳዋል። ከኋላ በኩል 6 ቶን፣ ወደ ፊት እየቀነሰ ዜሮ ብለን ብንቆጥረው ያው አፋፍ ወደ 2.63 ሜትር ይሄዳል። ፈረንሳይ ውስጥ ቡዜ የሚባለው ግድብ ሲሰራ ይሄ ከስር የሚያነሳው ግፊት አልታሰበም ነበር፣ በ1884 ከቦታው ተንሸራተተ፣ ጠግነው ቀጠሉበት፣ በ1895 ፈርሶ ከ80 ሰው በላይ ገደለ። እኔ አሁንም ልጆች ዲዛይን ይዘውልኝ ሲመጡ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው።

«መሃሉ ጋ የተሳሳትኩት ነኝ :) ከስር ድሬን ካደረግንለት ያ ወደላይ የሚያነሳው ይጠፋል አይደል? በዚያ ላይ ከኋላ የሚከማቸው ደለልስ?»

ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም። ስንት ይቀንሳል የሚለው ላይ እኛው ራሳችን እንጣላለን፣ እኔ ድሬኑ ከአመታት በኋላ በደለልና በኖራ ይደፈናል ብዬ ትንሽ ነው የምቀንስለት፣ አብሮኝ የሚሰራው ደግሞ የሚጸዳበት መተላለፊያ ካለ ምን አስፈራህ ይለኛል፣ እሱም እውነት አለው። ደለሉ ከውሃ ይከብዳል፣ ስለዚህ ስሩ ላይ ተጨማሪ ይገፋል። ገና ሲጠራቀም ለስላሳ ጭቃ ሆኖ እንደ ከባድ ፈሳሽ ነው፣ ከጠነከረ በኋላ ግን በራሱ መቆም ይጀምርና የሚገፋው ይቀንሳል። የትኛውን ልውሰድ ካልከኝ ለስላሳውን። ያው ያኛው ጓደኛዬ ግን አይስማማም።