ጥያቄና መልስ፦ «ቡዳ» ምሳ ላይ ቀልድ ሲሆን

ከማራኪ፦ «በሥራ ቦታ ስድስት ሆነን ምሳችንን አንድ ትሪ ላይ ነው የምንበላው። የአንዱ ልጅ ቤተሰቦች ሸክላ ሠሪዎች ናቸው። እሱ ሲቀርብ አንዷ እየሳቀች ትሪውን በነጠላዋ ትሸፍንና ‹እንዳይበላን› ትላለች። እሱም አብሮ ይስቃል። ምን ይደረግ?»

መላሽ፦ መሳቁን እንደ ፈቃድ አትቁጠሩት። አምስት ሰው በሚስቅበት ማዕድ ስድስተኛው ካልሳቀ «ቀልድ አያውቅም» ይባላል። በእኛ አገር «ቡዳ» የሚለው ቃል እንደ ሌላው ስድብ አይደለም። ሸክላ ሠሪውን፣ ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ ቤተ እስራኤሉን «በዓይን ይበላል» እያሉ ከማዕድ ለማራቅ ሲነገር የኖረ ነው። ስለዚህ ነጠላው ትሪው ላይ ሲያርፍ ልጁ የሚሰማው «አብረኸን አትበላም» የሚለውን ነው። ምልክቱን ተከታተሉ፦ ምሳ ሲደርስ ስልክ ይዞ ይወጣል፣ በማይጾምበት ቀን «ጾም ነኝ» ይላል፣ ሌሎቹ በልተው ሲጨርሱ ይመጣል።

መጀመር ያለበት አጠገቡ የተቀመጠው ሰው ነው። ነጠላውን አንሥቶ «ተይው፣ እየበላን ነው» ብሎ ቦታ ይልቀቅለት፤ ከዚህ በላይ ንግግር አያስፈልግም። ሴትዮዋን በዚያው ቀን ለብቻዋ ያናግራት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው «ኧረ እሱ ከዚያ ወገን አይደለም» ብሎ ሲከላከል ነው። ይህ አባባል ከዚያ ወገን መሆን ነውር እንደሆነ ያጸድቃል። ዘሩንም አትጠይቁት።

ከአዘዞ፦ «ዝም ማለት ይሻላል። ቀልድ መልስ ሲያጣ ራሱ ይሞታል።»

መላሽ፦ ግማሹ ልክ ነው። ቀልዱ እሱን ለማናደድ ቢሆን ኖሮ የእሱ ዝምታ ይበቃ ነበር። እዚህ ግን ተመልካቾቹ አራቱ ናቸው፤ የሚያቆየውም የእነሱ ሳቅ ነው። አራቱ ሳቁን ከከለከሏት ይሞታል። እሱ ብቻውን ዝም ካለ ግን ይቀጥላል።

ከወለቃ፦ «እኛ የሸክላ ሠሪ ልጆች በዚህ ቃል እርስ በርስ ስንቀልድ ነው ያደግነው። ይህን ያህል ምን ያስቆጣል?»

ከማራኪ፦ «እናንተ ስትባባሉ ማንም ትሪ አይሸፍንባችሁም።»

ከወለቃ፦ «ታዲያ ለእኛ የሚጎዳንን ሌላ ሰው ይወስንልን?»

መላሽ፦ እሱ ይወስን። ለብቻው «ምን እንዲደረግ ትፈልጋለህ?» በሉት። የቃሉን ክርክር እናንተ ቀጥሉ፣ እኔ ወደ ትሪው እመለሳለሁ።

ከአዲስ ዓለም፦ «በእኛ ቡድን ግብዣ የክርስቲያን ሥጋ ብቻ ነው የሚቀርበው። ይኼም ያው አይደለም?»

መላሽ፦ አይደለም። አንዱ የሌላውን እርድ አለመብላቱ ሁለቱም የሚያከብሩት ልማድ ነው። በደሉ እናንተን ሳይቆጥሩ ማዘዛቸው ነው። የእስላም ሥጋ በሌላ ድስት ይዘዝ፣ ካልሆነ ለሁሉም በያይነቱ ይቅረብ።

ከአራዳ፦ «ዘረኝነት ከሥራ ቦታ እንዴት ይጠፋል?»

መላሽ፦ ወንድሜ፣ የተባለውን ቃል፣ ቀኑንና ቦታውን ይዘህ ተመለስ።

ከፒያሳ፦ «ለአለቃ ብንናገርስ? የእኛው አለቃ ሁለቱን ጠርቶ ‹ተሳሳሙ› ነው የሚል።»

መላሽ፦ እህቴ፣ ዋናው አደጋ ይኸው ነው። ሁሉም ባለበት «ይቅር በላት» ሲባል ልጁ እምቢ ማለት አይችልም። በማግስቱ ቀልዱ ቢደገምም «ታርቃችሁ የለም ወይ?» ይባላል። ስለዚህ አቤቱታው በጽሑፍ ይሁን። «ሰደበችው» ብላችሁ አትጻፉ። «በዚህ ቀን፣ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ትሪውን በነጠላ ሸፍና ‹እንዳይበላን› አለች፤ እነ እገሌ ነበሩ» በሉ። የምትጠይቁትንም ግለጹ፦ አለቃው ለብቻዋ ያናግራት፣ ከተደገመ በሥራ ደንቡ ማስጠንቀቂያ ይጻፍ። አንዱን ቅጂ «ተቀብያለሁ» አስፈርማችሁ ያዙ።

ሕጉንም በልኩ ያዙት። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 14 በብሔርና በሃይማኖት ልዩነት ማድረግን የሚከለክለው አሠሪውን ወይም የሥራ መሪውን ነው። የሥራ ባልደረባ ቀልድ የሚያዘው በድርጅቱ ደንብ ነው። የመንግሥት ሠራተኛ ደግሞ በዚህ አዋጅ አይዳኝም።

ከአዘዞ፦ «ግን መጀመሪያ ልጁ በእርግጥ ከየት እንደሆነ ማጣራት…»

መላሽ፦ ዘሩን አትጠይቁ ብያለሁ። ከየትም ይሁን፣ የተሸፈነው ትሪ ያው ነው።

ከማራኪ፦ «ጠየቅኩት። ‹እባካችሁ ተዉት፣ ስሜን አታንሡ› አለኝ።»

መላሽ፦ እንግዲያው በእሱ ስም አትክሰስ፣ ለአለቃም ስሙን አታድርስ። ነጠላውን ማንሣት ግን የአንተም ድርሻ ነው፤ ትሪው የአንተም ነውና። «እኔ እንዲህ እየተባለ መብላት አልችልም» በላት፤ ይህ የእሱን ስም አይነካም። ነገ ምሳ ላይ ከጎኑ ተቀመጥ።